ጥምቀት አንድ ቀን የቀደመበት ዓመት

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጀርመን አገር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ወደ ጅማ ደወለችና «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ» አለች። እማዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ገሃድ ነው፤ ጥምቀት ነገ ነው» ስትላት፣ ከወዲያ በኩል የመጣው ዝምታ ከእማዬ ዝምታ ረዘመ። እህቴ ለዚያ ቀን ከመሥሪያ ቤቷ የዓመት ፈቃድ ወስዳለች፤ ሁለቱን ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳለች፤ ሌሊቱን ዶሮ ስትሠራ አድራ ቤተሰቡ ቁርሱን በልቶ ጨርሷል።

ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ሊያነቃት አይችልም ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አይችልም ነበር። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ይበላልና ገሃዱ የሚጾመውም ለዚሁ ምትክ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ስልኳ ዓርብን ጥምቀት ነው ብሎ ሲነግራት፣ እርሷ ሥርዓቱን አውቃ፣ በሥርዓቱ መሠረት በላች። ያፈረሰችው ጾም ደግሞ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ዓርብም ገሃድም በአንድ ቀን ተደራርበው ነበር። ፈቃዱም በከንቱ ሄደ፤ ጥምቀት የዋለው ቅዳሜ ስለሆነ ልጆቹም እርሷም ያለ ፈቃድ ቤት የሚውሉበት ቀን ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነው። ያንን የስልክ ቀን መቁጠሪያ ያዘጋጀሁላት እኔ ነበርኩ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ጅማ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ፣ ቤት ቁጭ ብዬ የእኛንም የጀርመኖቹንም በዓላት በአንድ የጋራ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ አስገባሁ፤ ለእህቴና ለባለቤቷም አጋራሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ልጆቹ የሚማሩት፣ እህቴም የምትሠራው በጀርመን የቀን አቆጣጠር ነው፤ ጾምና በዓላቸው ግን የሚሄደው በእኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ስልክ ጎን ለጎን ከታዩ፣ ፈቃድ ቀድሞ ይጠየቃል፤ እማዬም «ልጆቼ በዓሉን ረሱት» ብላ አታዝንም። ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ላይ ጻፍኩና «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን መረጥኩ። በ2015 ዓ.ም. በትክክል ሠራ። ለዚያ ነው በሁለተኛው ዓመት ማንም ያልጠረጠረው።

ነገሩን በኋላ እንደተረዳሁት ላስረዳ። ሁለቱም አቆጣጠሮች በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ የሚጨምሩት ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። እኛ ጳጉሜን 6 ስናደርግ፣ እነርሱ ደግሞ የሚቀጥለውን ፌብሩዋሪ 29 ያደርጋሉ። የእኛ ቀድሞ ይመጣል፤ የእነርሱ ከ5 ወር በላይ ቆይቶ ይከተላል። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ የእኛ ቀኖች ሁሉ ከለመድነው የፈረንጅ ቀን በአንድ ይዘገያሉ። መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12፣ መስቀል ወደ ሴፕቴምበር 28፣ ኅዳር ጽዮን ወደ ዲሴምበር 1፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ዲሴምበር 29፣ ጥምቀትም ወደ ጃንዋሪ 20 ይሻገራል። ፌብሩዋሪ 29 ሲመጣ ልዩነቱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ዓድዋ ሁልጊዜ ማርች 2 ነው፣ ቡሄም ሁልጊዜ ኦገስት 19 ነው። ለስልክ ሲባል መያዝ ያለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የሚንሸራተቱት ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ ያሉት ናቸው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቋሚ ናቸው።

የትኛው ዓመት እንደሚንሸራተት ለማወቅ ደግሞ ስልክ አያስፈልግም፤ እማዬ የምታውቀው በወንጌላውያኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምራችሁ ለ4 ታካፍላላችሁ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ነው፤ የአንድ ቀን መዘግየቱም የሚታየው በሚቀጥለው፣ በዮሐንስ ዓመት ነው። 2016 ላይ 5500 ሲደመር 7516 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ያለ ትርፍ ያልቃል። ያን ዕለት እማዬ ስልኩን ስትመልስልኝ ያለችኝም ይህንኑ ነበር፤ «ዘንድሮ እኮ ዮሐንስ ነው፤ ስትጽፈው አልጠየቅከኝም።» እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኋትም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሳተን ግን ገና ነው። በዚያው ዓመት፣ ከጥምቀቱ 13 ቀን ቀደም ብሎ፣ ገና በስልኩ ላይ እንደተጻፈው ጃንዋሪ 7 ዋለ። እህቴ ያንን አይታ ቀሪውንም አመነች። ገና የማይንሸራተተው በአጋጣሚ አይደለም። በሌሎቹ 3 ዓመታት ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ልደት፣ በዮሐንስ ዘመን ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ምክንያቱ ከጽንሰቱ ነው። መጋቢት 29 ከሚታሰበው ጽንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይቆጠራል። አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ጊዜ ታኅሣሥ 29 ድረስ ቢቆጠር 276 ይሆናል፤ ስለዚህ ቀኑ ወደ 28 ይመለሳል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የፅንሱን ቀን ጠብቀው አንድ ቀን ሲመልሱት፣ በፈረንጁ አቆጣጠር ልደት ጃንዋሪ 7 ላይ ጸንቶ ይቀራል። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ገናን እንደ ምስክር ወስጄ ሌላውን ሁሉ በእርሱ ለካሁ። ገናንም በቁጥር ብቻ የሚያሰላ ሰው በተቃራኒው ይሳሳታል፤ በዮሐንስ ዓመት ታኅሣሥ 29ን ወደ ፈረንጅ መልሶ ጃንዋሪ 8 ላይ ይጽፈዋል። በዚህ ረገድ ቀን ቀያሪ መተግበሪያዎች ራሳቸው በቂ አይደሉም፤ ቀኑን በትክክል ይመልሱላችኋል፣ በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል ግን አይነግሯችሁም።

ሌላም ምልክት አልፎን ነበር። በ2016 መግቢያ፣ ለዘመን መለወጫ፣ እህቴ ሴፕቴምበር 11 ቀን ስትደውል «ዛሬ ጳጉሜን 6 ነው» ብያት ነበር። ወዲያው ስልኳን ከፍታ እንቁጣጣሽን ወደ 12 አዛወረችው። የሚደጋገም ቀጠሮ ሲስተካከል ስልኩ ለውጡ ለዚህ ቀን ብቻ ይሁን፣ ለዚህና ለሚከተሉት ሁሉ ይሁን ብሎ ይጠይቃል። «ለዚህ ብቻ» አለች። ለእንቁጣጣሹ ልክ ነበር፤ «ለሚከተሉት ሁሉ» ብትል ኖሮ በ2017፣ በ2018 እና በ2019 ሁሉ ዘመን መለወጫዋ አንድ ቀን ይዘገይ ነበር። መስቀልና ጥምቀት ግን የራሳቸው የተለየ ድግግሞሽ ስለነበራቸው ማንም አልነካቸውም። እንቁጣጣሽ 12 ላይ መሆኑን ሁላችንም አወቅን፤ በዚያው ምክንያት ጥምቀትም ይንቀሳቀሳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። እህቴ መስቀልን ያመለጣት መስሎ ያልተሰማት ደመራውን በቤተ ክርስቲያናቸው ወደ ሰንበት አዛውረው ስላከበሩት ነው።

ከዚያ ጥር በኋላ «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን ለእኛ በዓላት መጠቀም ተውኩ። በእርግጥ ለጥምቀት የሚሆን መላ አለ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ላይ አንድ ቀጠሮ ጽፎ በየ4 ዓመቱ እንዲደገም ማድረግ፣ ለ3ቱ ዓመታት ደግሞ ጃንዋሪ 19 ላይ እያንዳንዳቸው በየ4 ዓመቱ የሚደገሙ 3 ቀጠሮዎች መጻፍ ይቻላል። ይሠራል፤ እስከ 2100 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ድረስ አይሳሳትም። በዚያ ዓመት እነርሱ ፌብሩዋሪ 29ን ስለማያደርጉ ልዩነቱ ለሁልጊዜው በአንድ ቀን ይሰፋል፤ ገናም ያን ጊዜ ከጃንዋሪ 7 ይነሣል። ለእያንዳንዱ በዓል 4 ቀጠሮ ማስገባት ግን አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላውን ለመርሳት የተመቸ ነው። እኔ የመረጥኩት ለጥቂት ዓመታት የሚበቃውን ዝርዝር አንድ በአንድ ጽፎ በአንድ ጊዜ መጫን ነው። ይህን እንድመርጥ ያስገደደኝ ደግሞ ፋሲካ ነው፤ እርሱ በምንም ዓይነት ድግግሞሽ አይያዝም።

ፋሲካን የማስላው ከእማዬ ጋር ነው። አባቷ መሪጌታ ነበሩና ባሕረ ሐሳቡን በልጅነቷ ከእርሳቸው አፍ ሰምታ ይዛዋለች። ማታ ቡናው ከተነሣ በኋላ እርሷ በቃሏ፣ እኔ በእርሳስ እንሠራለን። የመጪውን 2019 ዓ.ም. የሠራነው እንዲህ ነው። 5500 እና 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ እርሱ መደብ ነው። አንድ ይቀነሳል፤ 13 ወንበር ይሆናል። 13 በ11 ሲባዛ 143 ይሆናል፤ 30 በ30 ሲገደፍ 23 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ስለሚሆኑ መጥቅዑ 7 ነው። መጥቅዑ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ ጥቅምት 7 ነው። አሁን ጥቅምት 7 ምን ቀን እንደሚውል ይፈለጋል። የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ስለሆነ፣ ሲቆጠር ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል። ለየዕለቱ የሚደመር ቁጥር አለ፤ ተውሳክ ይባላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 7 እና 8 ተደምሮ 15 ይሆናል፤ መባጃ ሐመር ይህ ነው። ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ገባ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሌላው ሁሉ መደመር ብቻ ነው። የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ነው፤ 15 ላይ ሲጨመር የካቲት 29። የስቅለት 7 ነው፤ ሚያዝያ 22። የትንሣኤ 9 ነው፤ ሚያዝያ 24። ወደ ፈረንጁ ለመመለስ በሚያዝያ ቀን ላይ 8 መጨመር ይበቃል፣ ምክንያቱም ሚያዝያ 1 ሁልጊዜ ኤፕሪል 9 ነው፤ ፌብሩዋሪ 29 አልፎ ስለሆነ የዮሐንስ ዓመትም አይለውጠውም። 24 እና 8 ተደምሮ 32 ይሆናል፤ ኤፕሪል 30 ቀን ስላለው ፋሲካ ሜይ 2 ቀን 2027 ነው። ስልኩ ላይ ሜይ 2ን ስንከፍት እሑድ ሆኖ እናገኘዋለን። እሑድ ባይሆን ኖሮ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነበር፤ እማዬ እርሳሱን አስቀምጣ ከመደብ ጀምረን እንድንደግመው ታደርገኛለች። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሁለቱም ጊዜ የሳትኩት የጥቅምቱን ቀን ስቆጥር ነበር።

ይህ አንድ ቀን ለእህቴ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ተመልከቱ። በ2027 የጀርመኖቹ ፋሲካ ማርች 28 ነው። ልጆቹ ስቅለት ዓርብና ማግስት ሰኞ ትምህርት የላቸውም፤ ቸኮላቱና ቀለም የተቀባው ዕንቁላል ቤት የሚገባው ግን የእኛ ዐቢይ ጾም ገና ሦስተኛ ሳምንቱን ሲጨርስ ነው። የእኛ ስቅለት ኤፕሪል 30፣ ዓርብ፣ በጀርመን የሥራና የትምህርት ቀን ነው። ቅዳሜው ሜይ 1 በእነርሱ የሠራተኞች ቀን ሆኖ በዓል ቢሆንም ቅዳሜ ስለዋለ ለማንም አይጠቅም። ከፋሲካ ማግስት ሰኞ ደግሞ ሥራ አለ፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ያን ሰኞ ቢያርፍ ይሻለዋል። ስለዚህ እህቴ የሚያስፈልጋት ፈቃድ 2 ቀን ነው፤ ዓርብና ሰኞ። ይህን የምታውቀው በመስከረም ከሆነ የሥራ ባልደረቦቿ የዓመት ፈቃዳቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት ትጠይቃለች። በሚያዝያ ከሆነ የተረፈውን ትወስዳለች። በ2028 ግን ሁለቱ ፋሲካዎች ኤፕሪል 16 ላይ አንድ ላይ ይውላሉ፤ ያን ዓመት ለስቅለቱም ለማግስቱም ፈቃድ አያስፈልጋትም። እኔ በዝርዝሩ ላይ «ፋሲካ» እና «የጀርመን ፋሲካ» ብዬ ለየብቻ እጽፋቸዋለሁ፤ የእኛው በአረንጓዴ፣ የእነርሱ በሰማያዊ። በ2028 ሁለቱ ቀለማት አንድ ቀን ላይ ይታያሉ።

የምጽፍበትን መንገድ ላሳይ። በኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ወደ CSV እቀይረዋለሁ፤ ጉግል ካሌንደር ይህን ይቀበላል። የመጀመሪያው መስመር በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ መቅረት አለበት፤ የበዓሉ ስም ግን በአማርኛ ይሁን። የዮሐንስ ዓመት የሆነው የ2020 ዓ.ም. ጥቂቱ ይህን ይመስላል፤

```
Subject,Start Date,All Day Event
መስቀል (መስከረም 17),09/28/2027,True
ገና (ታኅሣሥ 28),01/07/2028,True
የጥምቀት ገሃድ (ጥር 10),01/19/2028,True
ጥምቀት (ጥር 11),01/20/2028,True
```

የእኛን ቀን በቅንፍ የማስገባው ለጌጥ አይደለም። ስህተት ሲፈጠር ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ካሉ ማንም ሰው ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያይቶ ይይዘዋል፤ የ2016ቱ ጽሑፌ «ጥምቀት» ብቻ ይል ስለነበር የሚያስተያይበት ነገር አልነበረውም። ገሃዱንም ለብቻው እጽፈዋለሁ። ተዘጋጅተው የሚገኙት የኢትዮጵያ በዓላት ዝርዝሮች ሥራ የሚዘጋባቸውን በዓላት እንጂ ጾሙን አይነግሩም፤ ለእህቴ ኩሽና ደግሞ ጾሙ ከበዓሉ እኩል ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሦስት ነገር ደርሶብኛል። ሠንጠረዡን ስታስቀምጡ UTF-8 የሚለውን ካልመረጣችሁ ፊደላቱ ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራሉ። ወሩ ከቀኑ መቅደም አለበት፤ 01/07 የተገለበጠ እንደሆነ ገናችሁ ጁላይ 1 ላይ፣ በክረምት መግቢያ ይገኛል፣ ጥምቀት ግን 20 የሚባል ወር ስለሌለ ጭራሹኑ አይጫንም። ከተጫኑት አንዱ ጎድሎ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ሦስተኛው፣ ዝርዝሩ የሚጫነው ከኮምፒውተር እንጂ ከስልኩ መተግበሪያ አይደለም፤ ሲጫንም ለበዓላት ብቻ በተከፈተ የተለየ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ ይሁን። እኔ መጀመሪያ ከእህቴ የሐኪም ቀጠሮዎች ጋር ቀላቅዬው ነበርና ሁለት ጊዜ ስጭነው ሁሉም በዓል ሁለት ሁለት ሆነ፤ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ለማጥፋት ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። የተለየ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጥፍቼ እንደገና መጫን እችል ነበር።

«ሙሉ ቀን» የሚለው ምልክት ለምን እንዳስፈለገም ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሙከራዬ በዓሉን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ብዬ በሰዓት ጻፍኩት። ጅማ ላይ ልክ ይመስላል። ጀርመን በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ግን የእኛ እኩለ ሌሊት በእነርሱ ገና የዋዜማው ምሽት ነው፤ በዓሉ ሁለት ቀን ላይ ተዘርግቶ ታያቸው። ሙሉ ቀን ተብሎ ሲጻፍ ቀኑ ከሰዓት ልዩነቱ ነጻ ይሆናል፤ በጅማም በጀርመንም ያው ቀን ነው። በሰዓት የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእማዬ የሚደወልበትን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የምትቀመጠው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ይህ ለእህቴ በገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በፋሲካ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ ሰዓት ቀጠና ከጻፍኩት ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል።

በዝርዝሩ ውስጥ የእኛ ያልሆኑ ሁለት በዓላትም አሉ፤ ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሓ። ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን እህቴን አዝለው ያሳደጓት ናቸው፤ እርሷ ለዒድ ሳትደውል አታልፍም። ይህ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ከዓመት ዓመት 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ቀኑንም የሚያጸናው ጨረቃ መታየቷ ስለሆነ ቀደም ብሎ ሊጻፍ የሚችለው ግምት ብቻ ነው። በ2019 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 አካባቢ ይመጣል። ከስሙ ፊት የጥያቄ ምልክት አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ዋዜማው ማታ ጎረቤቶቻችን ሲያረጋግጡልኝ ምልክቱን አንሥቼ ቀኑን አጸናለሁ። በዚህ ዓመት እነርሱ ጾማቸውን ሲፈቱ እኛ ዐቢይ ጾምን ከጀመርን ገና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሆነናል። እማዬ ዝርዝሩን ሳነብላት «እንግዲህ ሳህኑ ሲመጣ ለልጆቹ ነው የሚሆነው፤ እኔ በፋሲካ እክሳቸዋለሁ» አለች።

የመጨረሻው ሥራ ማስተያየት ነው። ከመጫኔ በፊት ለእማዬ እያንዳንዱን መስመር አነባለሁ፤ እርሷም ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይዛ ትከተላለች። የሩቁ ዓመት ገና ስላልታተመ በሳምንቱ ቀን እንፈትነዋለን። ጥር 11 ከመስከረም 1 በሳምንቱ ቀን 4 ወደ ፊት ይሄዳል፤ መስከረም 1 እሑድ ከዋለ ጥምቀት ሐሙስ ነው። የ2020 መስከረም 1 እሑድ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው፤ ስልኩ ጃንዋሪ 20ን ሐሙስ ይላል፤ ተስማምተዋል። ያንን የድሮ ድግግሞሽ ብተወው ኖሮ ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 19፣ በገሃዱ ቀን ላይ ይጽፈው ነበር፤ ረቡዕም ስለሆነ እህቴ እንደገና ልትሳሳት ትችል ነበር።

በዚህ ክረምት የ2019ን እና የ2020ን ጨርሰን ልልክ ስል እማዬ «የአባታችሁን ሙት ዓመት በየትኛው ነው የጻፍከው?» አለችኝ። አልጻፍኩትም ነበር። እህቴ ራሷ በስልኳ ላይ ኖቬምበር 15 ብላ በየዓመቱ እንዲደገም አድርጋዋለች፤ አባታችን ያረፈው ኅዳር 6 ነው። በመጪው ዓመት ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው፤ በ2020 ግን ኅዳር 6 ኖቬምበር 16 ይሆናል። እማዬ በዚያ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትቆም እህቴም ከወዲያ ሆና ሻማ ታበራለች፤ በአንድ ቀን እንዲሆን ትፈልጋለች። ደውዬ የድሮውን እንድታጠፋው ነገርኳት፤ እኔም በዝርዝሩ ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ አንዱ 11/15/2026፣ ሌላው 11/16/2027።